ትኋኑን ማን አመጣው? የአቶቴው ግቢ ክርክር

ትዕግስት፦ ሐዋሳ አቶቴ፣ በረድፍ ከተሠሩ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ከተከራየሁ ሦስት ወሬ ነው። ትኋን እንቅልፍ ነሳኝ። ለአከራዬ ብነግራቸው «አንቺው ይዘሽው መጣሽ፣ አንቺው አስረጪ» አሉኝ። ረጪ መጥራትና መክፈል ያለበት ማን ነው?

በረከት፦ ይሄ ምን ክርክር አለው? አከራይዋ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ እንዲመች አድርጎ ያስረክብ ይላል። እስኪያስረጩ ኪራይ አትክፈዪ።

እትዬ አስቴር፦ ቀላል አደረግከው። እኔ ያከራየኋት ልጅ ያገለገለ ፍራሽ ገዝታ ገብታ ግቢውን አስለቀሰችው። የከፈልኩት ግን እኔ! ይሄ ፍትሕ ነው?

ሙሉጌታ፦ እኛ ቤትም ማታ መብራት ሳበራ ከሽንት ቤት ቱቦ ይግተለተላሉ። ፍሊት ነፋሁ፣ ምንም።

እትዬ አስቴር፦ የአንተ በረሮ ነው ልጄ።

ሳሙኤል፦ በመርጨት ሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በረከት፣ ግማሹን ልክ ነህ። ግን ተከራይ በጥፋቱ ያመጣውን አከራይ ይሸከም ማለት ይከብዳል፤ ኪራይ መያዝ ደግሞ ልጅቷን ለማባረር ሰበብ መስጠት ነው። ትዕግስት፣ መጀመሪያ ክፍሉን በደንብ እዪው። የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የበሩን መቃን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በባትሪ ተመልከቺ። እንደ ቀለም ነጠብጣብ የሚመስል ጥቁር ነገር ኩሱ ነው። ከግድግዳው ቀለም በታች ካገኘሽው ከአንቺ በፊት የነበረ ነው፤ ላዩን ቀብተውታል ማለት ነው። ፎቶ አንሺ። አልጋሽ ላይ ብቻ ከሆነ ግን እትዬ አስቴር ያሉት ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶችሽንም ጠይቂ፣ በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል።

በረከት፦ ማንም ይክፈል፣ አንድ ጊዜ ተረጭቶ ያልቃል።

ሳሙኤል፦ አያልቅም። መድኃኒቱ እንቁላሉን ብዙ ጊዜ አይገድልም። በሳምንት ከምናምን ይፈለፈላል፣ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ስትዋዋሉ ሁለቱንም ዙር አስገቡ፤ ጠብ የሚነሣው ሁለተኛው ላይ ነው። ልብስና አንሶላ የፈላ ውኃ ውስጥ ይግባ። የእርሻ መድኃኒት ገዝታችሁ መኝታ ቤት እንዳትረጩ፣ ሰው ይጎዳል። አምስቱም ክፍል በአንድ ቀን ካልተረጨ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸሻል።

እትዬ አስቴር፦ እንግዲያው የጋራ ነገር ከሆነ መድኃኒቱን አከራይዋ፣ የረጪውን ዋጋ ተከራዮቹ ይካፈሉ።

በረከት፦ ከቀለሙ ሥር ከተገኘማ ምኑን ይካፈላሉ? ሁሉንም እሳቸው!

ትዕግስት፦ አየሁት። ከቀለሙ ሥር ከአልጋዬ ራስጌ በላይ አለ። ፎቶውን ሳሳያቸው ዝም አሉና «መድኃኒቱን እችላለሁ» አሉ፤ ስለ ረጪው ግን ምንም አላሉም። አሁን ያስቸገረኝ አራተኛው ክፍል ነው። ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማታ ፈረቃ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። «እኔን አልነከሰኝም፣ በሬን አልከፍትም» ብሏል።

ሳሙኤል፦ ያልነከሰው ሳይሆን ያላሳከከው ሊሆን ይችላል። ሰው ይለያያል። ፍራሹን ገልብጦ ስፌቱን ይይ።