ጤዛ ሳይደርቅ አይለቀም? ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊው፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የማድረቂያ ዳስ ዕቅድ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆሟል። «ጤዛ ሳይደርቅ የትምባሆ ቅጠል አይለቀም» ይላል። ብዙዎቻችሁ «ይሄ ከዳስ ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁኛል። እንዴት እንደተገናኘ ልንገራችሁ።

ዓምና በጥቅምት ወንድሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሲለቅም አረፈደ። ቅጠሉን እንደ ልማዳችን በብብቱ ስር እየደረደረ። ረፋድ ላይ ሸሚዙ በአንድ ጎን ቢጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር። ማታ ራሱን አዞረው፣ ከዚያ ማስመለስ ጀመረ። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨመቀችለት። በነጋታው የወባ ምርመራ አደረገ፣ ነጻ ነው ተባለ። በሁለት ቀን ተሻለውና ተመልሶ ማሳ ገባ። ያን ዕለት ማታ ደገመው! ያኔ ነው ነገሩ ከቅጠሉ መሆኑን የጠረጠርነው።

ከፋለ፦
መድኃኒት የረጨ ጎረቤት ይኖርሃል። እኔንም ጤፍ ላይ ስረጭ እንደዚያ አድርጎኛል። አንቀጹ ስለ ርጭት ቢሆን ይሻላል።

ጸሐፊው፦
ማንም አልረጨም ከፌ። ለርጭት ሌላ አንቀጽ አለን፣ አምስተኛውን እይ።

ዮናስ፦
ጸሐፊያችን ልክ ነው። ኒኮቲን በውሃ ይሟሟል። ጤዛው ከቅጠሉ እየወሰደ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ያስገባዋል። 100 ሚሊ ሊትር ጤዛ፣ ማለትም አንድ ሻይ ብርጭቆ የማይሞላ፣ እስከ 9 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። ሰው የሚስተው ሰዓቱን ነው። ጠዋት ለቅመህ ስሜቱ ብዙ ጊዜ ማታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እራቱን፣ ፀሐዩን፣ ቡዳውን ታማለህ።

ጋሼ ታደሰ፦
እኔ 30 ዓመት ለቅሜ አንድ ቀን አላስመለሰኝም። ጓንት አድርጉና ጨርሱ። ምን አንቀጽ ያስፈልገዋል?

ዮናስ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሱረት ይወስዳሉ፤ ሰውነትዎ ኒኮቲኑን ለምዶታል። የሚያመው ይበልጥ ያልለመደውን ነው፣ ልጆችንና አዲስ ቀን ሠራተኛን። ጓንቱ ጥሩ ነው፣ ግን የጨርቅ ጓንት ከራሰ እጅዎ ላይ የታሰረ እርጥብ ቅጠል ማለት ነው። ብብቱስ? ላስቲክ ከፊትና ከጎን መታጠቅ፣ ልብስ ከራሰ ወዲያው መቀየር፣ በሳሙና መታጠብ። ከሁሉም በላይ ግን ጤዛው እስኪደርቅ መጠበቅ።

እትዬ አልማዝ፦
የኔ ጥያቄ ሌላ ነው ልጆቼ። ዳስ ስለሌለኝ ቅጠሉን የምሰቅለው የምንተኛበት ቤት ጣሪያ ስር ነው። ዘንድሮ ግማሹ ሻገተ፣ ግማሹ አረንጓዴ እንደሆነ ደረቀ። ነጋዴው «ሣር ነው» ብሎ መለሰልኝ። ምን አጠፋሁ?

ዮናስ፦
እትዬ፣ የለቀሙት በጤዛው ነበር?

እትዬ አልማዝ፦
በማለዳ ነው እንጂ! ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ።

ዮናስ፦
እንግዲህ ዳሱና ጤዛው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ቅጠል ተጠጋግቶ ከተሰቀለ መሃሉ ይበሰብሳል። በር አጠገብ ያለው ደግሞ ንፋስ ስለሚመታው ቢጫ ሳይሆን ይደርቃል፣ አረንጓዴው እዚያው ይቀራል። ቅጠል ከተቆረጠም በኋላ ለጥቂት ቀን በሕይወት አለ። በቀስታ ቢጫ መሆን፣ ከዚያ ቡናማ መሆን አለበት። በጥላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። መድረሱን የሚነግርዎት የመሃል አጥንቱ ነው፤ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከተለመጠ ገና ነው። ዩሪያስ አብዝተው ነበር?

እትዬ አልማዝ፦
ትንሽ ጨመር አድርጌ ነበር፣ እንዲወፍር።

ዮናስ፦
ዩሪያ ሲበዛ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ቶሎ አይበስልም። ኒኮቲኑም ይጨምራል። ለነጋዴውም ለለቃሚውም የከፋ ቅጠል ነው። ደግሞ እባክዎ ከመኝታ ቤት ያውጡት፣ ልጆቹ በእጃቸው ይነኩታል።

ከፋለ፦
እሺ ስለ ርጭቱ ያልኩትን አንሳልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ይህን ሁሉ ከምንለፋ ነጭ ሽንኩርት ብንተክልስ?

ጋሼ ታደሰ፦
ሽንኩርቱ ዓምና ዋጋው ሲወድቅ የት ነበርክ?

ጸሐፊው፦
እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን። አንቀጹን እንዲህ አሻሽየዋለሁ፦ «ለቀማ የሚጀመረው ቅጠሉን በመዳፍ ሲያብሱት እጅ የማይረጥብ ሲሆን ነው። ዝናብ በመታው ቀን አይለቀምም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ አይለቅምም፣ አያንጠለጥልም። ማኅበሩ ላስቲክ መታጠቂያና የጎማ ጓንት ይገዛል። ዳሱ ከመኖሪያ ቤት ይርቃል፤ ጎኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ይሆናል።»

ጋሼ ታደሰ፦
ጤዛው በጥቅምት እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። ቀን ሠራተኛ 12 ሰዓት ይመጣል። እነዚያን ሦስት ሰዓት ማን ይከፍላል?

እትዬ አልማዝ፦
ልጆቹ ካልለቀሙልኝስ ከማን ጋር ልልቀም? ይሄም ይጻፍ።

ጸሐፊው፦
ሠራተኛው ጠዋት ያለፈውን ሳምንት ቅጠል በገመድ ቢሰካስ? ግን እሱም ቅጠል መንካት ነው። ዮናስ?

ዮናስ፦
ቢጫ የሆነና ያልረጠበ ከሆነ ይሻላል፣ በጓንት። አረም ማረም ግን በጤዛው አይሆንም፣ እግር ሙሉ ይርሳል። የክፍያው ነገር ለኔም አልገባኝም፤ ጉባኤው ይወስን።

ጸሐፊው፦
ሁለቱን ባዶ ቦታ ትቼ እልከዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬ አልማዝም ይምጡ።