በቤንጋሊ የሐዘን መልእክት፦ «ፕሮናም» በሚለው የእጅ መንሻ ቃል ላይ ተይዣለሁ

በኮልካታ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ አጎት (የአባቱ ታላቅ ወንድም) ባለቤታቸው አርፈውባቸዋል። ቤተሰቡ ሂንዱ ነው። እስካሁን የጻፍኩት ይኸው፦

«ስሪቾሮኔሹ ጄቱ፣ ጄቲማር ቾሌ ጃዋር ኮቦር ፔዬ ኩብ ኮሽቶ ፔዬቺ። ታር አትታር ሻንቲ ካሞና ኮሪ። ኒጄር ሾሪሬር ጆትኖ ኔቤን። አማር ፕሮናም ኔቤን።»

ትርጉሙ፦ «የተከበሩ ጄቱ፣ የጄቲማን መለየት ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ራስዎን ይጠብቁ። እጅ ነስቻለሁ።»

«ሞቱ» የሚለው ቃል ስለሚከብድ «ቾሌ ጃዋ» (መሄድ) አልኩ። «ኔቤን» የእኛ «እርስዎ» ዓይነት ነው። ባለቤቴ ግን አጎቱን እንደ «አንተ» ባለው «ቱሚ» ስለሚጠራ እሱ ቢጽፍ «ኒዮ» ይል ነበር። ሁለቱን በአንድ መልእክት መደባለቅ አይሆንም፤ ወዲያው ያስታውቃል። እኔ ምራት ስለሆንኩ በአክብሮቱ «አፕኒ» ጸናሁ።

የተያዝኩት እዚህ ነው፦ ለሟች እስከሚደረገው የሽራድ ሥርዓት ድረስ ባለው የሐዘን ጊዜ (አሾውች) ለሐዘንተኛ ፕሮናም አይቀርብም ይባላል። ይህ እግር መንካትን ብቻ ነው ወይስ የጽሑፉንም ቃል ይጨምራል? ከሆነ በምን ልዝጋው? «ስሪቾሮኔሹ» ራሱ እግርን የሚጠራ ቃል ነውና በስልክ አጭር መልእክት ላይ «የተከበሩ» ማለት የሆነው «ስሮድዴዮ» ይሻል ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ።