«ኖርማላይዝ ማድረግ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ሜሮን፦ ለታናሽ ወንድሜ ሲሜትሪክ ማትሪክስ እያስረዳሁት አንድ ቃል ላይ ተጣበቅን። «ቬክተሩን ኖርማላይዝ አድርገው» ስለው «መደበኛ አድርገው» ብሎ ተረጎመውና «ምኑ ነው መደበኛ ያልሆነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እናንተ ምን ትሉታላችሁ?

ዮናስ፦ ቀላል ነው ባክሽ። እኛ የአማርኛ ጽሑፍ ኖርማላይዝ ስናደርግ ሐንም ኀንም ወደ ሀ እናመጣለን። መደበኛ ማድረግ ልክ ነው።

ሜሮን፦ ዮኒ፣ የፊደል ነገር አይደለም እኮ 😄

ጋሽ አበራ፦ እዚህ ቦታ ቃሉ «ርዝመቱን 1 አድርገው፣ አቅጣጫውን አትንካ» ከማለት አያልፍም። በላቲን ኖርማ የሚባለው አናጢ ማዕዘን የሚያይበት ስኳድራ ነበር፤ ስለ «መደበኛ» ከማሰብ ስለ ልኬት ማሰብ ይሻላል። ይቺን እንያት፦

```
A = 2 1 1
    1 2 1
    1 1 2
```

A በ(1,1,1) ሲባዛ (4,4,4) ይሰጣል። አቅጣጫው ያው ነው፣ 4 እጥፍ ብቻ ሆነ፤ እንዲህ ያለው ቬክተር አይገን ቬክተር፣ እጥፉ 4 ደግሞ አይገን ቫሉ ይባላል። ርዝመቱ √(1+1+1)፣ ማለትም √3 ነው። ሦስቱንም ቁጥር በ√3 ማካፈል ነው።

ሀና፦ ሲሜትሪክ ከሆነማ አይገን ቬክተሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ ቀጤ ነክ ናቸው። ርዝመት ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀረው።

ጋሽ አበራ፦ ግማሹ ልክ ነው ሀኒ። የተለያየ አይገን ቫሉ ካላቸው አዎ። እዚህ ግን 1 ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ብዙ ሰው ደግሞ (1,−1,0)ን እና (1,0,−1)ን ያወጣል። ዶት ፕሮዳክታቸው 1 ነው፣ ዜሮ አይደለም። በመካከላቸው 60 ዲግሪ አለ፣ ርዝመታቸውን 1 ብታደርጊውም 60 እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሁለተኛው ላይ በአንደኛው አቅጣጫ የተኛውን ክፍል፣ ማለትም የአንደኛውን ግማሽ፣ ቀንሺ። (½, ½, −1) ይቀራል። ክፍልፋዩ እንዳያስቸግር በ2 አባዢውና (1,1,−2) በይው። አሁን ከ(1,1,1)ም ከ(1,−1,0)ም ጋር ዶት ፕሮዳክቱ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው (1,−1,0)ን በ√2፣ ይሄኛውን በ√6 የምታካፍዪው። ሦስቱን እንደ ዓምድ ደርድረሽ Q በያቸው። QᵀQ ከዲያጎናሉ ውጪ ½ ካሳየሽ ቅነሳውን ዘለሻል ማለት ነው።

ሜሮን፦ ወንድሜ (1,−1,0)ን በ2 ነበር ያካፈለው! ስሩን ረስቶ። ¼ + ¼ ½ ነው እንጂ 1 አይሆንም ብዬ አሳየሁት።

ዮናስ፦ እሺ ተሸነፍኩ። «አሃዳዊ ማድረግ» ብንለውስ?

ሀና፦ አሃድ ሲሉኝ ሜትርና ኪሎ ነው የሚታየኝ። እኔ «ርዝመቱን አንድ ማድረግ» እላለሁ፣ ቢረዝምም።

ጋሽ አበራ፦ እኔም ወደ ሀና አደላለሁ። አይገን ግን በጀርመንኛ «የራስ» ማለት ስለሆነ «የራስ ቬክተር» ያምራል።

ዮናስ፦ ዲያጎናልስ? «ሰያፍ» ካልን ማንኛውም ያዘመመ መስመር ሊሆን ነው።