ዶላር መነዘርኩ፤ 995 ብሬ የት ገባ?

የሐይቁ ልጅ (ጠያቂ)፦ እህቴ ከውጭ ስትመጣ የሰጠችኝን 300 ዶላር ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለ ባንክ መነዘርኩ። ደረሰኙ ላይ መግዣ 132.40፣ መሸጫ 135.05፣ ኮሚሽን 198.60 ይላል። የተቆጠረልኝ 39,520 ብር ነው። በ135.05 ሳባዛው ግን 40,515 ይመጣል። ዶላሩን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ መሸጫው ለምን አልሠራልኝም?

ሞላ ታቦር፦ ተሸውደሃል ወንድሜ። ዶላር አምጥተህላቸው ደግሞ ኮሚሽን? የሚቆረጠው ከሚገዛ ሰው ላይ ብቻ ነው። ሄደህ አስመልስ።

የድሮ ካሸር፦ ኧረ ቀስ! ደረሰኙ የሚናገረው በባንኩ አፍ ነው። "መግዣ" ማለት ባንኩ ካንተ የሚገዛበት፣ "መሸጫ" ደግሞ ለሌላ ሰው የሚሸጥበት ነው። መስኮቱ ጋ ስሠራ በቀን አሥር ጊዜ የምጠየቀው ይሄንኑ ነበር።

ስለዚህ 300ን በ132.40 አባዛ፤ 39,720 ይሆናል። ካሰብከው ውስጥ 795 ብሩ እዚህ ላይ አለቀ። እሱ ካንተ የተቆረጠ ሳይሆን ድሮም ያንተ ያልነበረ ነው። ከዚያ 198.60 ሲነሳ 39,521.40 ይቀራል። ደረሰኙ ግርጌ ያለው የተጣራ ክፍያ ይሄ መሆን አለበት። 1.40ዋ የሳንቲምና የዝርዝር ጉዳይ ናት።

ኮሚሽኑን ለ39,720 ስታካፍለው ልክ ግማሽ በመቶ ነው። በመሸጫው ተሰልቶ ቢሆን 202 ብር ከምናምን ይሆን ነበር፤ ያኔ ጠይቅ እልህ ነበር። ሞላም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ከሻጭ ኮሚሽን የማይቆርጡ አሉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ተመኑን እያንዳንዱ ባንክ ራሱ ስለሚያወጣ አንዱ ከሌላው ይለያያል።

እቴቴ፦ እኔስ ልጄ ከጅዳ በሐዋላ ስትልክልኝ ደረሰኙ ላይ ኮሚሽን የሚል የለም። ግን ሁሌም ካሰብኩት ያንሳል።

የድሮ ካሸር፦ እቴቴ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። የመላኪያውን ክፍያ ልጅዎ እዚያው ከፍላለች። የምንዛሬው ተመንም ብዙ ጊዜ ስትልክ ነው የሚወሰነው። የእሷን ደረሰኝ ፎቶ ያስልኩ፤ "ተቀባይ የሚያገኘው" የሚለውን ካገኘዎት ብር ጋር ያስተያዩ።

የሐይቁ ልጅ፦ ገባኝ። ማዶ ያለው ባንክ ግን "ኮሚሽን የለንም" ብሎ 131.90 ለጥፏል። ዝቅ ያለ መስሎኝ አለፍኩት።

የድሮ ካሸር፦ እሱ ይሻልህ ነበር! የተጣራውን ለ300 አካፍል። አንዱ ዶላር የተመነዘረልህ በ131.74 ገደማ ነው። ማዶ 39,570 ታገኝ ነበር፤ ወደ 50 ብር ብልጫ አለው። ሁለተኛ ስትሄድ ተመኑን ትተህ "ለ300 ዶላር ስንት ብር ትቆጥሩልኛላችሁ?" በል።

ሞላ ታቦር፦ እሺ፣ ግን ኮሚሽኑን ከመመንዘሩ በፊት ሊነግሩት አይገባም ነበር?

የሐይቁ ልጅ፦ ማንም አልነገረኝም። ነገ ደረሰኙን ይዤ ሄጄ እጠይቃለሁ።