ውሻዬ የጎረቤት ልጅ ነከሰ፤ ዛሬ ደግሞ ምግብ እምቢ አለ

እባካችሁ፣ የእንስሳት ሐኪም ወይም ይህ የደረሰበት ሰው ካለ ይርዳኝ። ከአምስት ቀን በፊት ውሻዬ የጎረቤቴን ልጅ እጁን ነከሰው። አውራ ጣቱ ሥር ሁለት የጥርስ ቀዳዳ ነበር፤ ደምቷል። ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብነው፤ ልጁ ያለቅሳል፣ የእኔም እጅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሮጥን። ቁስሉ ስለደማ ዙሪያውን ኢሚዩኖግሎቡሊን ተወጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በዚያው ቀንና በ3ኛው ቀን ወሰደ። የሚቀሩት የ7ኛውና የ14ኛው ቀን ናቸው።

አሁን የጨነቀኝ ውሻው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ማጠናከሪያ ክትባቱ ጊዜው 4 ወር አልፎበታል። ለ10 ቀን ለብቻው አስሬ እየተከታተልኩት ነው፤ ሲነክስ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚህ ቀናት መታመሙ አይቀርም ተብያለሁ። እስከ ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ምግቡን አሽትቶ ተወው። ውሃ ይጠጣል፣ አያዝረበርብም፣ የጩኸቱ ድምፅም አልተለወጠም።

አንዱ ግደለው፣ ሌላው አሁኑኑ አስከትበው ይለኛል። አሁን ቢከተብ መርፌው የሚያመጣውን ድካም ከበሽታው መለየት ያቅተናል ብዬ ፈራሁ። ልክ ነኝ? አለመብላቱ ብቻውን ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ወደ ቤቴ ለማስጠራት ይበቃል? የልጁን የ7ኛ ቀን መርፌ ግን በምንም አላስቀርም።