«ደምህ ወፍራም ነው» ተባልኩ፤ የዴንቨር ከፍታ ነው?

የአውሮራው ሹፌር፦ ሰላም ቤተሰብ። 46 ዓመቴ ነው፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ከዳላስ ወደዚህ፣ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው አውሮራ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን የደም ምርመራ ሳደርግ ሄሞግሎቢኔ 18.6፣ ሄማቶክሪቴ፣ ማለትም በደሜ ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ፣ 56 በመቶ ሆነ። «ከፍታ ላይ ስለምትኖር ነው» ብለው ሸኙኝ። ጠዋት ጠዋት ግን ራሴን ያመኛል፣ ፊቴም ቀልቷል። እናንተም እዚህ ስትኖሩ እንዲህ ሆናችኋል?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ። ቀይ ሥርና ምስር አዘውትር። እኔም ደም ማነስ ይዞኝ አይረን ወስጄ ነው የዳንኩት።

ጋሼ ከሌድቪል፦ እትዬ፣ የእሱ ደም በዛ እንጂ አላነሰም። አይረን እንዳትነካ ወንድሜ! ዴንቨር አንድ ማይል ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ሰውነት ደም ያመርታል። ለሁሉም ይደርሳል። ውሃ በደንብ ጠጣ፣ ደም ለግስ፣ ያልፋል።

ሲስተር (ሄማቶሎጂ ክፍል የምሠራ)፦ ጋሼ ግማሹን መቱት። ዴንቨር ላይም ኦክስጅኑ ከአየሩ 21 በመቶ ነው፣ እንደ ባሕር ዳርቻው። የቀነሰው የአየሩ ግፊት ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ስለሚያንስ ኩላሊት ይህን ያውቅና ኢፒኦ የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ የአጥንት መቅኒም ቀይ ሴል ያመርታል። ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ይነሣል፣ ሴሉ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥሩ ከፍ የሚለው የደሙ ውሃ ስለሚቀንስ ነው። ውሃ መጠጣት የሚረዳው ሰውነት ደርቆ ከሆነ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሹፌሩ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ያልፋል። በዚህ ከፍታ ሄሞግሎቢን ቢጨምር አንድ ግራም ገደማ ነው። አንተ ግን የወንድ ማንቂያ የሆነውን 16.5 በሁለት ግራም አልፈሃል። ተራራው ይህን ሁሉ አይሸከምልህም።

ጋሼ ከሌድቪል፦ እኔ ግን ሌድቪል ስሠራ 17.8 ደርሶብኝ ነበር። ወደ ዴንቨር ስወርድ በወራት ውስጥ ወደ 16 ገባ።

ሲስተር፦ ሌድቪል ከ3,000 በላይ ነው፣ የዴንቨር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እዚያ ተራራው ነው ብንል ያስኬዳል፣ ሲወርዱ መቀነሱም ያንኑ ያሳያል። እርሱ ግን ሌድቪል አይደለም ያለው።

የደባርቅ ልጅ፦ እኛ ስሜን ተራራ ሥር ተወልደን ደማችን አልወፈረም፤ ሐበሻ ነው፣ ምንም አይለውም።

ሲስተር፦ የመጀመሪያው እውነት ነው። በ2002 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣ ጥናት በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን 15.9 ገደማ ሆነ፣ ቆላ ላይ ካለ ሰው ብዙም አይለይም። በፔሩ ሴሮ ዴ ፓስኮ፣ 4,300 ሜትር ላይ ግን ብዙ ወንዶች 21 ይደርሳሉ፣ በከፍታ ምክንያት ደም የሚወፍርበትን ይህን በሽታም የፔሩው ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ በ1925 ነው የገለጸው። ከንፈር ይጠቁራል፣ ጆሮ ይጮሃል፣ እጅና እግር ያቃጥላል። ደሙ እንደ ማር ወፍሮ በቀጭን ሥር ማለፍ ስለሚያቅተው ልብም ይደክማል፣ ደምም ይረጋል። የመጨረሻው መድኃኒት መውረድ ነው። ስለዚህ ሐበሻ ሆኖ እዚህ 18.6 መሆኑ እንደውም ይበልጥ ያጠራጥራል እንጂ አያረጋጋም።

ወንድሜ፣ ሦስት ጥያቄ አለኝ። ታንኮራፋለህ? ታጨሳለህ? ቴስቶስትሮን ትወጋለህ?

የአውሮራው ሹፌር፦ መርፌ የለም። ሲጋራ፣ አዎ፣ በቀን አንድ ፓኮ፣ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ። ማንኮራፋቱን ባለቤቴን ጠይቂያት፣ ሳሎን ነው የምትተኛው። ትንፋሽህ ይቆማል እያለች ትቀሰቅሰኛለች።

ሲስተር፦ እንግዲህ ተመልከት። ሌሊት ትንፋሽህ በተቋረጠ ቁጥር ኦክስጅንህ ይወርዳል፣ ኩላሊትህም ተራራ የወጣህ ይመስለዋል። የሲጋራው ጭስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሴሉ ላይ ተጣብቆ ለኦክስጅን ቦታ ይነፍጋል። ጠዋት ራስ ማመሙም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ግን ከመደምደማችን በፊት ሐኪምህ ኢፒኦህን ይለካ። ከፍ ካለ ኦክስጅን ማነሱን ያመለክታል። ዝቅ ካለ መቅኒው ራሱ ሳይታዘዝ እያመረተ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ጃክ ቱ የሚባል የዘር ምርመራ አይቀርም። ደም መለገሱን ግን ከምርመራው በፊት ተው፣ ቁጥሩን ያደባልቃል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ደረት ከወጋህ ወይም አፍህ ከተጣመመ መንዳቱን ትተህ 911 ደውል።

ጋሼ ከሌድቪል፦ እኔ ግን በለገስኩ ቁጥር ቀለል ይለኛል።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ያለ ሐኪም ደም በየጊዜው ከወጣ አይረን ያልቃል፣ ድካሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የአውሮራው ሹፌር፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጣት ላይ የሚደረገውን መለኪያ ገዛሁ። ቀን 94 ያሳያል፣ ሌሊት ባለቤቴ ስታየው 81 ሆነ። ኢፒኦው ከፍ ብሏል፣ የጃክ ቱው ውጤት ገና አልመጣም። የእንቅልፍ ምርመራው ማክሰኞ ነው። ሲጋራውን አሁን በቀን ወደ አምስት ፍሬ ቀንሻለሁ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀይ ሥሩንስ ልተወው?