ውይይቱ በሁለት ቋንቋ፣ ቃለ ጉባኤው በእንግሊዝኛ ብቻ፦ የጠፋውን ቅድመ ሁኔታ እንዴት እንመልስ?

አዲስ የቦርድ አባል
ሰላም ወገኖች። የማኅበራችን መዝገብ የሚያዘው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን ትልልቆቹ በአማርኛ፣ ወጣቶቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባት በአማርኛ «ሌላ ሁለት ቦታ ዋጋ ተጠይቆ ካልተሻለ የአዳራሹ ኪራይ ይታደስ» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ተደገፈ፣ እጅ ወጣ፣ አለፈ። እንግሊዝኛው ቃለ ጉባኤ ላይ ያለው ግን «ቦርዱ ኪራዩን እንዲያድስ ተፈቅዷል» የሚል ብቻ ነው። በቀጣዩ ስብሰባ ማንም ሳያነበው ጸደቀ። ሊቀመንበሩ በዚያው ቅጂ ውሉን ፈርመዋል። አሁን ምን ይደረግ?

ቀድሞ ገንዘብ ያዥ
የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይነካም፣ አለቀ። ቅሬታ ካላችሁ ከመጽደቁ በፊት ነበር።

የባንክ ጣጣ ያየ
እኛም በቃለ ጉባኤ ተሰቃይተናል። ፈራሚ ስንቀይር ባንኩ መለሰብን፤ ጸሐፊያችን የሰዎቹን ስም እንደሰማው በላቲን ፊደል ጽፎት ከፓስፖርታቸው ጋር አልገጠመም። የአባት ስም አንዱ ጋ በአንድ ፊደል ያንሳል፣ ሌላው ጋ ይበልጣል። ከመታወቂያው ላይ መገልበጥ ነው መፍትሔው።

አዲስ የቦርድ አባል
ይሄም ጠቃሚ ነው፣ የኛ ግን ስም አይደለም።

ብዙ ዓመት ጸሐፊ የነበረች
ወንድሜ ገንዘብ ያዥ ያለው በግማሽ ልክ ነው። የጸደቀን ገጽ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ አያርመውም፤ ጉባኤው ግን ራሱ ሊያርመው ይችላል። ብዙ ማኅበራት የሚከተሉት የሮበርት የስብሰባ ሥርዓት ለዚህ መንገድ አለው። አስቀድሞ ማስታወቂያ ከተሰጠ በስብሰባው ድምፅ ከሰጡት የአብዛኛው ድምፅ ይበቃል፤ ድንገት ከቀረበ ግን ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ ሌላ ካለ እሱ ይቀድማል። ስለዚህ ለቀጣዩ ስብሰባ በሚላከው ጥሪ ላይ «የእገሌ ቀን ቃለ ጉባኤ፣ ኪራይን የሚመለከተው ውሳኔ ይታረም» ብላችሁ፣ የድሮውንና የሚተካውን ቃል ጎን ለጎን አስፍሩ። እርማቱ በአዲሱ ቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ የድሮው ገጽ አይቀደድም፣ ዳሩ ላይ በየትኛው ቀን እንደታረመ ይጻፍበታል።

ነገሩ ለምን እንደሚደጋገም ልንገርህ። በአማርኛ ቅድመ ሁኔታው ፊት ይመጣል፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ሰው ዋናውን እየጠበቀ ፊት የተባለውን እንደ ተራ ውይይት ያልፈዋል፤ «ይታደስ» ሲሰማ ነው ብዕሩ የሚነቃው። ግድየለሽ ሆኖ አይደለም። ጸሐፊውን ብትቀይሩትም አዲሱ ያንኑ ያደርጋል።

እኔ የማደርገው ይሄን ነበር። ሐሳብ ሲቀርብ እጄን አንሥቼ ሰብሳቢውን አስቆማለሁ። አማርኛውን እንደተባለ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ መዝገብ ላይ የሚገባውን እንግሊዝኛ። ሁለቱንም ጮክ ብዬ አነብና አቅራቢውን «ያሉት ይሄንን ነው?» እላለሁ። «አዎ» ሲሉ ነው ድምፅ የሚሰጠው። አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ። ውይይቱን ግን አልተረጉምም፤ ቃለ ጉባኤ የተወሰነውን እንጂ የተባለውን ሁሉ አይይዝም።

ቴክኒክ የሚወድ
ስብሰባውን በድምፅ ቅዱት፣ ማስረጃው እሱ ነው።

ብዙ ዓመት ጸሐፊ የነበረች
ቅጂው ረቂቁን ለማመሳከር ይረዳል፤ አባላቱ መቀዳታቸውን ማወቅ አለባቸው፣ በአንዳንድ አገር ፈቃዳቸውም በሕግ ይጠየቃል። ጉባኤው ያጸደቀው ጽሑፍ ግን እያለ መዝገቡ ጽሑፉ ነው። ደግሞ ሦስት ሰው በአንዴ ሲናገር የተቀዳን ሰምተህ ታውቃለህ?

አዲስ የቦርድ አባል
እሺ እትዬ፣ ካረምነው ውሉ ይፈርሳል?

ብዙ ዓመት ጸሐፊ የነበረች
በእርማት ብቻ አይፈርስም። አከራዩ የፈረመው የጸደቀ ቅጂ አይቶ ነው፤ የእናንተ የውስጥ ስሕተት የሱ ዕዳ አይሆንም። ከመተላለቃችሁ በፊት ውሉን ለጠበቃ አሳዩት፣ የማቋረጫ አንቀጹንም እዩ።

በስብሰባው የነበረ ወጣት
እኔ እዛ ነበርኩ። አማርኛ እሰማለሁ ግን ፈጥነው ሲናገሩ ያመልጠኛል። ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ ሲደግሙልን «ኪራዩ ይታደስ የምትሉ» ነው ያሉን። ስለ ሌላ ቦታ ዋጋ አልሰማሁም። እጄን ያወጣሁት ለዚያ ነው፤ ከኔ ጋር የተቀመጡትም እንደዛው።

ቀድሞ ገንዘብ ያዥ
ይኸው! እንግዲያው እንግሊዝኛው ትክክል ነዋ።

ብዙ ዓመት ጸሐፊ የነበረች
አይደለም፣ ይሄ የባሰ ነው። ግማሹ በቅድመ ሁኔታ፣ ግማሹ ያለ ቅድመ ሁኔታ ድምፅ ከሰጠ፣ የጸሐፊ ስሕተት ብቻ ብሎ ማረም አይቻልም፤ የትኛውን ቃል ነው የምንመልሰው? እኔ ብሆን እርማቱን ትቼ ጉዳዩን እንደ አዲስ ሐሳብ፣ በሁለቱም ቋንቋ ተጽፎ ለድምፅ አቀርበው ነበር። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ድምፁ ምን ዋጋ እንዳለው ግን ደንባችሁን ሳላይ መናገር አልችልም።

አዲስ የቦርድ አባል
ደንቡን ዛሬ ማታ አያይዤ እልካለሁ። እሱም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።